«የሚመችዎትን ጊዜ ያሳውቁን» ወይስ «ማክሰኞ ወይስ ሐሙስ?»

የምሠራው ጎንደር ውስጥ ስልጠናና ስብሰባ በሚያስተባብር አነስተኛ ቢሮ ነው። ሥራው በአጭሩ ቀን ማገናኘት ነው። አዳራሽ፣ አሰልጣኝ፣ ተሳታፊና መኪና አንድ ቀን ላይ ካልተገናኙ ስልጠና የለም። ስለዚህ ብዙ ኢሜይል እንጽፋለን። ብዙው ደግሞ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። «ንቀውን ነው» የሚል ሰው ቢሮአችን አይጠፋም። እኔ አይመስለኝም። መልስ ያጣውን ኢሜይል ከፍቼ ሳነብ፣ ሰውየው ምን ብሎ መመለስ እንደነበረበት ብዙ ጊዜ እኔም አይገባኝም።

ከዚህ በታች የምጽፈው አንዱን ረጅም ኢሜይል እንዴት እንዳሳጠርነው ነው። ኢሜይሉን የጻፈችው አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ጎበዝ ሠራተኛ ናት፤ እንዳካፍላችሁም ፈቅዳልኛለች። ጉዳዩ ለኅብረት ሥራ ማህበራት የሒሳብ ሠራተኞች የሚሰጥ የአንድ ቀን ስልጠና ነበር። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ጊዜው ጥር 2018 ነው። መጀመሪያ የጻፈችው ይህን ነበር፦

«ርዕስ፦ ስልጠናን ይመለከታል

ክቡር ዶክተር፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና ይስጥልን እንላለን። እንደሚታወቀው በክረምት በስልክ በተነጋገርነው መሠረት ለሒሳብ ሠራተኞች ለሚሰጠው የአንድ ቀን ስልጠና ዝግጅት ስናደርግ የቆየን ሲሆን በተለያዩ ምክንያቶች እስካሁን ሊሳካ አልቻለም። በመጀመሪያ ታኅሣሥ ላይ አስበን የነበረ ቢሆንም ማህበራቱ በምርት ግዢ ስለሚጠመዱ ተሳታፊ ላይሟላ ይችላል በሚል ትተነዋል። አሁን በጥር ቢሆን መልካም ነው ብለን እናምናለን፤ ሆኖም ጥምቀት ስላለ ሆቴሎች ስለሚሞሉ ከጥምቀት በኋላ ቢሆን ይሻላል፣ ከጥምቀት በኋላም ቢሆን በዓላት ይኖራሉ። አዳራሹም አንዳንድ ቀን ለሌላ ስብሰባ ስለሚያዝ ይህንኑ እያጣራን እንገኛለን። ከደባርቅና ከጭልጋ የሚመጡ ተሳታፊዎች ማደር ስላለባቸው የአበል ጉዳይም በሂደት ላይ ነው። እንዲሁም የኛ ፕሮጀክተር ከእርስዎ ላፕቶፕ ጋር ይገጥም እንደሆነ፣ የስልጠናውን ጽሑፍ አስቀድመው ሊልኩልን ይችሉ እንደሆነና በአውሮፕላን ወይም በመኪና እንደሚመጡ ቢገልጹልን። ስለዚህ በጥር አጋማሽ ወይም መጨረሻ አካባቢ፣ ጠዋትም ሆነ ከሰዓት፣ የሚመችዎትን ጊዜ እንዲያሳውቁን እየጠየቅን ለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

ይሄ መጥፎ አማርኛ አይደለም። ደብዳቤ ቢሆን ማንም ምንም አይልም ነበር። ግን ቁጠሩት። ቀን ተጠይቋል። ጠዋት ወይስ ከሰዓት ተጠይቋል። ላፕቶፕ፣ ጽሑፍ፣ አውሮፕላን ወይስ መኪና ተጠይቋል። አንድም ቦታ የጥያቄ ምልክት የለም። ዶክተሩ ይህን በስልካቸው ታክሲ ውስጥ ሆነው ቢከፍቱት «ማታ ቤት ገብቼ እመልሳለሁ» ይላሉ። ማታ ቤት ተገብቶ የተመለሰ ኢሜይል ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ልጅቷ «ጋሼ፣ እስቲ አሳጥርልኝ» ብላ ላፕቶፑን ወደኔ ስታዞር እጄን ኪቦርዱ ላይ አላሳረፍኩም። ረጅም ኢሜይል ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ሰውየው በአንድ ቃል ብቻ ቢመልሱልሽ፣ የትኛው ቃል ቢሆን ደስ ይልሻል?»

«ቀኑን ቢነግሩኝ።»

«የትኞቹ ቀኖች ይሆኑናል?»

ዝም። «እሱማ አዳራሹ አልታወቀም እኮ።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኢሜይሉ የረዘመው ልጅቷ ወሬ ስለምትወድ አይደለም። ገና ያልተወሰነ ነገር ስላለ ነው። አዳራሹ አልተጣራም፤ ስለዚህ «እያጣራን ነው» ይጻፋል። በዓላቱ ከቀኑ ጋር አልተመሳከሩም፤ ስለዚህ «በዓላት ይኖራሉ» ይጻፋል። እኛ ያላለቀልን ሥራ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ወደ ዶክተሩ ይላካል፤ እሳቸው እንዲጨርሱልን። እንዲህ ዓይነቱን ኢሜይል ቃላቱን በመቁረጥ ብቻ ማሳጠር አይቻልም። ብትቆርጡት «የሚመችዎትን ቀን ያሳውቁን» የሚል አጭር ጭጋግ ይቀራል። አጭር ሆነ ማለት ግልጽ ሆነ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ስልክ ተደወለ። የአዳራሹ ኃላፊ መዝገቡን አይቶ ከጥምቀት በኋላ ያሉትን ክፍት ቀኖች ነገረን፤ ማክሰኞ ጥር 19፣ ረቡዕ ጥር 27 እና ሐሙስ ጥር 28። ረቡዕን ወዲያው ጣልነው። በዚያ ዓመት የነነዌ ጾም ከጥር 25 እስከ 27 ነበር፤ ብዙው ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምበትን ቀን የምሳ እረፍት ላለው ስልጠና ማድረግ ተሳታፊንም ምግብ አቅራቢንም ማስቸገር ነው። ማክሰኞ ትንሽ አጠያየቀን። በዋዜማው ጥር 18 ጊዮርጊስ ነው። ከደባርቅ የሚመጡት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ሰኞ ማታ ጎንደር ማደር አለባቸው። ለአንዱ ደወልን። «ቅዳሴ ወጥተን እንነሳለን፣ ችግር የለውም» አለን። ሁለት ቀን ቀረን። ኃላፊውም ሁለቱንም ቀን እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 24 ሊይዝልን ተስማማ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ከኢሜይሉ አንድ ቃል አልተነካም። ግን ማሳጠሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ቀጥሎ ወደ ጽሑፉ ገባን። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ የጠየቅነው ይህን ነው፤ ዶክተሩ ይህን ባያውቁ መልሳቸው ይለወጣል? የታኅሣሥ ታሪክ ይውጣ፤ የተውነው ሐሳብ ነው። ጥምቀትና ሆቴል ይውጣ፤ ሁለቱም ቀኖች ያንን ያለፉ ናቸው። ልጅቷ እዚህ ላይ ተከራከረችኝ። «ለምን ያን ያህል እንደዘገየን እንዲያውቁ ነው» አለች። ይገባኛል፤ ሰው እንደለፋ እንዲታወቅለት ይፈልጋል። ግን ዶክተሩ ለምን ዘገያችሁ አላሉም። ያልተጠየቀ ማብራሪያ ይቅርታ ይመስላል፤ አንባቢው ደግሞ «ምን ተበላሽቶ ነው?» ብሎ መፈለግ ይጀምራል። አበሉ ይውጣ፤ የተሳታፊዎች ጉዳይ ነው።

ፕሮጀክተሩና ጽሑፉስ? እነሱ የግድ መጠየቅ አለባቸው። ዛሬ ግን አይደለም። ቀን ሳይቆረጥ ስለ ፕሮጀክተር ገመድ መጠየቅ፣ ሽማግሌ ሳይላክ የሠርግ ድንኳን መከራየት ነው። ከኢሜይሉ ቆርጠን ሌላ ረቂቅ ውስጥ አስቀመጥናቸው፤ ቀኑ እንደታወቀ የሚላክ። ይህን እመክራለሁ። ጽሑፉን ደምስሱ ሲባል ሰው እጁ ይታሰራል። «ለሁለተኛው መልእክት አቆዩት» ሲባል ግን ይለቃል።

ከተቆረጠው ይልቅ የተጨመረው ያስገርማል። መጀመሪያው ኢሜይል ላይ ስልጠናው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ የለም። የትኬትና የማደሪያ ወጪ የማን እንደሆነም የለም። ሁለቱም የዶክተሩን መልስ ይወስናሉ። ካልተጻፉ «ወጪው በማን ነው?» የሚል ኢሜይል ይመጣል፤ ከዚያ እኛ እንመልሳለን፤ ከዚያ እሳቸው ሌላ ሥራ ይይዛሉ፤ ዓርብ ያልፋል። በዚያ ሁሉ ሐተታ ውስጥ የሚያስፈልገው ነገር ጠፍቶ ነበር። ረጅም ኢሜይል እንዲህ ነው፤ ብዙ ስለተጻፈ ሁሉም የተጻፈ ይመስላል።

ጥያቄውን ራሱን ብዙ ጊዜ ለዋወጥነው። «የሚመችዎትን ጊዜ ያሳውቁን» ትሁት ይመስላል። በተግባር ግን የሰውየውን አጀንዳ ገልብጦ፣ ክፍት ቀን ፈልጎ፣ ጽፎ መላክን ይጠይቃል። ያ ቀን ደግሞ አዳራሹ የተያዘበት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ «ይቅርታ፣ ያ ቀን አይሆንም» ልንላቸው ነው። ሁለት ቀን አቅርቦ «የትኛው ይመችዎታል?» ማለት ነው ከልብ ማክበር።

ልጅቷ መጨረሻ ላይ «ሁለቱም ካልተመቹ ሌላ ቀን ይጠቁሙን» የሚል ልትጨምር ፈለገች። እኔ አልወደድኩትም። በሩን ከከፈቱት ሰው በዚያው ይወጣል፤ «እስቲ አይቼ» ይላል። በሌላ በኩል መውጫ ሳይሰጡ ማስጨነቅም ነውር ነው። የተስማማንበት ይህ ነው፤ ሁለቱም ካልሆኑ «አይሆንም» ብቻ ይበሉን፣ ሌላ ቀን ፈልገን የምንመለሰው እኛ ነን። እንዲህ ሲሆን በየትኛውም መንገድ መልሱ አንድ ቃል ነው።

የመልስ ቀን ስትሰጡ ምክንያቱን ጨምሩ። «እስከ ዓርብ ያሳውቁን» ብቻ ትእዛዝ ይመስላል፤ በዕድሜም በማዕረግም ለሚበልጡን ሰው ደግሞ ይከብዳል። «አዳራሹ ሁለቱንም ቀን የሚይዝልን እስከ ዓርብ ነው» ሲባል ግን ቀነ ገደቡ የእኛ ሳይሆን የአዳራሹ ይሆናል። እውነትም ነው። ውሸት ቀነ ገደብ አትጻፉ፤ አንዴ ከታወቀ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

ስለ ሰዓትና ቀን አጻጻፍ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቀጠሮ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዶክተሩ ቀጠሯቸውን የሚይዙት በስልክ ካላንደር ነው፤ ያ ደግሞ በፈረንጅ ነው። ጥር 19ን ወደ ጃንዋሪ የሚያዞሩት እሳቸው ከሆኑ፣ በችኮላ በአንድ ቀን ሊስቱ ይችላሉ። በ2018 ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ላይ ነው የዋለው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ጥር ግን በአንድ ቀን ይገፋል፤ በ2016 ጥምቀት ጃንዋሪ 20 የዋለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቀን እንጽፋለን፤ ከሁለቱም በፊት ደግሞ የሳምንቱን ቀን። «ማክሰኞ» የሚለው ቃል ዘበኛ ነው። ቁጥሩ ቢሳሳት አንባቢው «ይሄ ቀን እኮ ረቡዕ ነው» ይላል። ሰዓቱንም እንዲሁ። «ከ3 እስከ 10» ብሎ መተው አይበቃም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9፦00 ብላችሁ ጻፉ። ሌሊት 9 ሰዓት የሚነሳ ሰው ባይኖርም፣ ካላንደሩ ግን የተነገረውን ነው የሚመዘግበው።

ሰላምታው ላይ አለቃችን ገቡበት። በዕድሜ ጠና ያሉ የጎንደር ሰው ናቸው። አጭሩን አይተው «ይሄማ ቴሌግራም ነው እንጂ ለዶክተር የሚላክ አይደለም» አሉ። ትክክል ነበሩ። ሰላምታውን ሙሉ በሙሉ አውጥተነው ነበር። አገራችን ሰላምታ የሌለው መልእክት ሥራ ማቀላጠፍ ሳይሆን መቆጣት ይመስላል። አንድ መስመር መለስን። ክብሩ ግን በዋናነት ያለው በሰላምታው ርዝመት ሳይሆን «ይመችዎታል» በሚለው ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ቦታ አይፈጅም። አለቃችን «ክቡር» የሚለውም ይግባ አሉ፤ ገባ።

የተላከው ይህ ነው፦

«ርዕስ፦ የጎንደሩ ስልጠና፣ ማክሰኞ ጥር 19 ወይስ ሐሙስ ጥር 28?

ጤና ይስጥልኝ ክቡር ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ?

ለሒሳብ ሠራተኞች የታሰበውን የአንድ ቀን ስልጠና ለመስጠት ከእነዚህ ቀኖች የትኛው ይመችዎታል?

ማክሰኞ ጥር 19 (ጃንዋሪ 27)
ሐሙስ ጥር 28 (ፌብሩዋሪ 5)

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3፦00 እስከ 10፦30 ነው (በፈረንጅ ከ9፦00 እስከ 4፦30)። የአውሮፕላን ትኬትና ማደሪያ በእኛ በኩል ነው። አዳራሹ ሁለቱንም ቀን የሚይዝልን እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 24 (ጃንዋሪ 2) ስለሆነ እስከዚያ ቢያሳውቁን። ሁለቱም ካልሆኑ «አይሆንም» ቢሉን ይበቃል፤ ሌላ ቀን ይዘን እንመለሳለን።

ከአክብሮት ጋር»

ርዕሱን ልብ በሉት። ጥያቄው ራሱ ነው። ስልክ ላይ ኢሜይል ሲመጣ የሚታየው የላኪው ስም፣ ርዕሱና የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ናቸው። «ስልጠናን ይመለከታል» የሚለው ርዕስ ለዶክተሩ ምንም አይነግርም፤ በዚያ ርዕስ የሚመጣላቸው ኢሜይል ብዙ ነው። አዲሱ ርዕስ ሳይከፈት እንኳ ይመለሳል።

መልሳቸው «ሐሙስ ይሻለኛል፣ አመሰግናለሁ» የሚል ነበር። ያቆየነው ሁለተኛ መልእክት ያኔ ተላከ፤ ስለ ጽሑፉና ስለ ላፕቶፑ። እሱም አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑረው ብዬ ነበር፤ ልጅቷ ሁለቱን አንድ ላይ ላከች። ጽሑፉ መጣ። የላፕቶፑ ነገር ሳይመለስ ቀረ፤ በኋላ በስልክ ነው የጠየቅናቸው።

ከመላክ በፊት የምንጠቀምበት ቀላል መፈተሻ አለ። ተቀባዩ «እሺ» ብቻ ብሎ ቢመልስ ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባችኋል? እኛ አገር «እሺ» የማይመለስበት ጥያቄ የለም። «ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሁን ብለናል፤ ጽሑፉንም ቢልኩልን» ብላችሁ ብትጽፉ መልሱ «እሺ» ነው፤ የቱን እሺ እንዳሉ ለማወቅ ሌላ ኢሜይል ትጽፋላችሁ። «የትኛው ይመችዎታል?» ለሚለው ግን «እሺ» ብሎ መመለስ ለመላሹም ይከብደዋል። ወይም አንድ ቀን ብቻ አቅርባችሁ «ሐሙስ ጥር 28 ይሁን?» በሉ፤ ያኔ «እሺ» በቂና ግልጽ መልስ ነው። አንድ ቀን በጣም የምትፈልጉ ከሆነ ይህኛው ይሻላል፤ የይስሙላ ምርጫ አትስጡ።

ይህ አካሄድ የማይሠራበት ቦታም አለ። ተቀባዮቹ ሦስት አራት ከሆኑ «የትኛው ይመችዎታል?» ማለት ጣጣ ነው። አንዱ ማክሰኞ ይላል፣ ሌላው ሐሙስ፣ ሦስተኛው የሁለቱን መልስ እስኪያይ ይጠብቃል። ለብዙ ሰው ስንጽፍ ጥያቄውን እንገለብጠዋለን፤ «ከእነዚህ ቀኖች በፍጹም የማይችሉት የትኛው ነው?» ያኔ መልሶቹ እርስ በርስ አይጣሉም፤ ያልተሰረዘው ቀን ይያዛል። ለእያንዳንዱም ለየብቻ እንልካለን፤ በአንድ ኢሜይል ሁሉንም ስትደረድሩ ሁሉም ሌላው እንዲመልስ ይተወዋል።

ሌላው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ «በቀን እንዲህ በተነጋገርነው መሠረት» የሚለውም የግድ ይጻፋል፤ ፋይል ውስጥ የሚገባ ነውና። ከዚያ ጋር አትታገሉ። ደብዳቤውን በወጉ ጽፋችሁ አያይዙት። በኢሜይሉ ገላ ላይ ግን ሁለት መስመር ብቻ ይሁን፤ ሰላምታና ጥያቄው። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ያነበዋል፤ ሁለቱን መስመር ቀኑን የሚወስነው ሰው ያነበዋል።

መልስ ካልመጣ ያንኑ ኢሜይል ደግማችሁ አትላኩ፤ «ከዚህ በፊት በላክነው ኢሜይል» ብላችሁም አትጀምሩ፤ ወቀሳ ይመስላል። ከቀነ ገደቡ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ካላነሱ አጭር የስልክ መልእክት ይበቃል፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ አዳራሹን ነገ ማረጋገጥ አለብን። ማክሰኞ ጥር 19 ወይስ ሐሙስ ጥር 28?»